ፒ-ቫሉን እና ኮንፊደንስ ኢንተርቫልን በምርጫ ጥያቄ ላይ ሳይሳሳቱ ማንበብ፦ ዝርዝር መመሪያ

ስሌቱ ልክ ነው። ስታንዳርድ ኤረሩ ወጥቷል፣ ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ፣ ማለትም ክልሉ፣ ተሰልቷል፣ ፒ-ቫሉውም ተገኝቷል። ከዚያ «ከሚከተሉት ውስጥ ትክክለኛው ትርጓሜ የቱ ነው?» የሚል ጥያቄ ይመጣና ነጥቡ እዚያ ይቀራል። ለመውጫ ፈተናም ሆነ ለማስተርስ ኮርስ የሚዘጋጅ ተማሪ እዚህ ጋ የሚወድቀው ሒሳብ ስለማይችል አይደለም። የተሳሳቱት አማራጮች ከትክክለኛው ይልቅ ለጆሮ የሚጥሙ ተደርገው ስለሚጻፉ ነው። ትክክለኛው ረጅምና ጠመዝማዛ ነው፤ ስህተቱ አጭርና ጥርት ያለ። ሰዓት ያጠረበት ተፈታኝ ደግሞ ጥርት ወዳለው ይሄዳል።

ይህ መመሪያ አንድ ጥያቄ ይዞ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። ቁጥሮቹ ለልምምድ የተሠሩ ናቸው፤ ከየትኛውም ጥናት አልተወሰዱም።

## ዝግጅት

አንድ ባዶ ወረቀት፣ እስክርቢቶ፣ ስኩዌር ሩት የሚያወጣ ካልኩሌተር እና አማራጮቹን የምትሸፍኑበት ካርቶን ያዙ። ካርቶኑ ለቀልድ አይደለም። አማራጮቹን ቀድማችሁ ካነበባችሁ የራሳችሁ ዓረፍተ ነገር የእነሱን ቃላት ይዞ ይወጣል፤ ስህተቱም አብሮ ይገባል። በፈተና ቀን ካርቶን ካልተፈቀደ መዳፋችሁ ይበቃል።

ጥያቄው ይኸው፦

በጅማ ዞን በሚገኝ አንድ የእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያ 60 የማድረቂያ አልጋዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። በ30ዎቹ ላይ የታጠበው ቡና ሳሳ ተደርጎ፣ በቀሪዎቹ 30 ላይ ወፈር ተደርጎ ተሰጣ። ቡናው እርጥበቱ 12 በመቶ እስኪደርስ የወሰደው ቀን ለእያንዳንዱ አልጋ ተመዘገበ። ሳሳ ባለው ስጥ አማካዩ 11.2 ቀን፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 2.0 ሆነ። ወፈር ባለው ስጥ አማካዩ 12.4 ቀን፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 2.4 ሆነ። የአማካዮቹ ልዩነት 1.2 ቀን ነው፤ የልዩነቱ 95% ኮንፊደንስ ኢንተርቫል ከ0.06 እስከ 2.34 ቀን፤ ባለ ሁለት አቅጣጫው ፒ-ቫሉ 0.04።

ትክክለኛው ትርጓሜ የቱ ነው?

ሀ. ሁለቱ አሰጣጦች ልዩነት የሌላቸው የመሆኑ ዕድል 4 በመቶ ነው።

ለ. እውነተኛው ልዩነት በ0.06 እና በ2.34 ቀን መካከል የመሆኑ ዕድል 95 በመቶ ነው።

ሐ. ከ100 አልጋዎች በ95ቱ ላይ ወፍራሙ ስጥ ከ0.06 እስከ 2.34 ቀን ዘግይቶ ይደርቃል።

መ. በሁለቱ አሰጣጦች መካከል ልዩነት ባይኖር ኖሮ፣ 1.2 ቀን ወይም ከዚያ የሰፋ ልዩነት በየትኛውም አቅጣጫ የማግኘት ዕድሉ 0.04 ገደማ ይሆን ነበር።

ሠ. ጥናቱ ቢደገም ውጤቱ እንደገና ሲግኒፊካንት የመሆኑ ዕድል 96 በመቶ ነው።

አሁን አማራጮቹን ሸፍኑ።

## ደረጃ 1፦ የቆመውን ከሚንቀሳቀሰው ለዩ

ወረቀቱ ላይ ሦስት መስመር ጻፉ።

1. የቆመው ምንድን ነው? በሁለቱ አሰጣጦች መካከል ያለው እውነተኛ የአማካይ ልዩነት። አናውቀውም እንጂ አንድ ቁጥር ነው። ምናልባት 0.9 ነው፣ ምናልባት 1.7፣ ምናልባት ዜሮ። የትኛውም ይሁን፣ እኛ ብንመዝንም ባንመዝንም ከቦታው አይነቃነቅም።
2. የሚንቀሳቀሰው ምንድን ነው? ከናሙናው የወጣው ሁሉ። ዕጣው በሌላ መንገድ ቢወጣ ኖሮ ሌሎች አልጋዎች ይደርሱ ነበር። ያኔ 1.2 የነበረው 0.8 ይሆናል፣ 0.06 እና 2.34 የነበሩትም ይቀየራሉ፣ 0.04ም ይቀየራል።
3. ለስሌቱ ሲባል ምን ታሰበ? ለፒ-ቫሉው፣ ልዩነቱ ዜሮ ነው ተብሎ ታሰበ። ለክልሉ ግን እንዲህ ያለ ሐሳብ አልተያዘም። ለሁለቱም፣ ዕጣው በትክክል እንደወጣና አልጋዎቹ አንዱ በሌላው ላይ ተጽዕኖ እንደሌላቸው ተወስዷል።

ሁለተኛው መስመር ላይ ብዙ ሰው ይቸገራል። ክልሉ ወረቀት ላይ ታትሞ ስለሚታይ የቆመ ይመስላል፤ እውነተኛው ልዩነት ስለማይታይ የሚዋልል ይመስላል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የሚቀሩት ደረጃዎች ሁሉ በዚህ ላይ ስለሚቆሙ መስመሩ ካልተጻፈ ወደፊት አትሂዱ።

## ደረጃ 2፦ ቁጥሮቹ እርስ በርስ መስማማታቸውን አረጋግጡ

አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ስታንዳርድ ኤረሩ ይህ ነው፦

```
SE = sqrt(2.0^2/30 + 2.4^2/30) = 0.57
t  = 1.2 / 0.57 = 2.1
95% CI = 1.2 ± 2.0 × 0.57 = 0.06 ... 2.34
```

ክልሉ ዜሮን አይነካም፣ ፒ-ቫሉውም ከ0.05 በታች ነው። ሁለቱ ከአንድ ስሌት ከወጡ ሁልጊዜ እንዲህ ይስማማሉ፦ የ95% ክልሉ ዜሮን ከተወ ባለ ሁለት አቅጣጫው ፒ-ቫሉ ከ0.05 ያንሳል፤ ዜሮን ካቀፈ ይበልጣል። ካልተስማሙባችሁ ሦስት ነገር ፈትሹ። ክልሉ የ90% ወይም የ99% ሊሆን ይችላል። ፒ-ቫሉው ባለ አንድ አቅጣጫ ሊሆን ይችላል። ወይም ክልሉ የልዩነት ሳይሆን የሬሾ ነው፤ ኦድስ ሬሾ ወይም ሪስክ ሬሾ ከሆነ የምትፈልጉት ቁጥር ዜሮ ሳይሆን 1 ነው። በጤና ትምህርት ክፍሎች ጥያቄ ላይ ይህ ሦስተኛው በጣም ይደጋገማል፤ «ከ0.7 እስከ 1.4 ያለው ክልል ዜሮን ስላልያዘ ሲግኒፊካንት ነው» የሚል አማራጭ ካያችሁ ወዲያው ሰርዙት።

## ደረጃ 3፦ የፒ-ቫሉውን ዓረፍተ ነገር «ባይኖር ኖሮ» ብላችሁ ጀምሩ

አማራጮቹ እንደተሸፈኑ የራሳችሁን ዓረፍተ ነገር ጻፉ። የግድ በዚህ ቃል ይጀምር፦ *ልዩነት ባይኖር ኖሮ።* ለምሳሌ፦

*ልዩነት ባይኖር ኖሮ፣ ዕጣው ብቻውን 1.2 ቀን የሚያህል ወይም የሚበልጥ ልዩነት ከ100 ጊዜ ወደ 4 ጊዜ ያህል ያመጣ ነበር።*

ፈተናው በእንግሊዝኛ ቢሆንም ይህን በአማርኛ ማድረጉ ይጠቅማል። የእንግሊዝኛው አማራጭ ሁኔታውን ብዙ ጊዜ ወደ ዓረፍተ ነገሩ ጭራ ይወስደዋል፤ የቸኮለ ዓይን ቁጥሩን አንብቦ ጭራውን ይተወዋል። አማርኛ ግን ሁኔታውን ከፊት ያስቀድማል፣ ግሡም «ነበር» ብሎ መጨረሻ ላይ ያስረዋል። «ነው» ብሎ የሚጨርስ የፒ-ቫሉ ዓረፍተ ነገር ከጻፋችሁ ሁኔታው አምልጧችሁ ሊሆን ስለሚችል መልሳችሁ እዩት።

ሁኔታውና ውጤቱ ቦታ ሲለዋወጡ ምን እንደሚፈጠር ለማየት አልጋዎቹ ጋ እንሂድ። ዝናብ ከዘነበ ስጡ ይሸፈናል፤ ይህ መቶ በመቶ ሊባል የሚችል ነው። ታዲያ ከሩቅ ሆናችሁ የተሸፈነ ስጥ ብታዩ ዝናብ ዘንቧል ማለት ነው? አይደለም። ስጥ በቀትር ፀሐይም ይሸፈናል፣ ማታም ይሸፈናል። «ከዘነበ የመሸፈን ዕድሉ» እና «ከተሸፈነ የመዝነብ ዕድሉ» ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው፤ ሁለተኛውን ለማወቅ ስንት ቀን እንደሚዘንብና ስጡ በሌላ ምክንያት ስንት ጊዜ እንደሚሸፈን ማወቅ ያስፈልጋል። ፒ-ቫሉ የመጀመሪያው ዓይነት ነው፦ «ልዩነት የለም» የሚለው ናል ሃይፖተሲስ እውነት ከሆነ ይህን የመሰለ ውጤት የማየት ዕድል። አማራጭ ሀ የሚጠይቀው ሁለተኛውን ዓይነት ነው፦ ይህን ውጤት ካየን ናል ሃይፖተሲሱ እውነት የመሆን ዕድል። ለዚያ የሚሆን መረጃ በጥያቄው ውስጥ የለም።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ካለ ይህን ይቁጠር። 1000 ሙከራዎች ተሠሩ እንበል። በ900ዎቹ እውነተኛ ልዩነት የለም፤ በ100ዎቹ አለ። ልዩነት ከሌለባቸው 900 ውስጥ 5 በመቶው፣ ማለትም 45ቱ፣ በዕድል ብቻ ከ0.05 በታች ፒ-ቫሉ ያመጣሉ። ልዩነት ካለባቸው 100 ውስጥ ፓወሩ 80 በመቶ ከሆነ 80ዎቹ ይያዛሉ። በድምሩ 125 «ሲግኒፊካንት» ውጤት ይኖራል፤ ከእነዚህ 45ቱ፣ ማለትም 36 በመቶው፣ ልዩነት የሌለባቸው ናቸው። መስፈርቱ 0.05 ሆኖ ሳለ ሲግኒፊካንት ከተባሉት መካከል ናል ሃይፖተሲሱ እውነት የሆነባቸው ድርሻ 36 በመቶ ሆነ። 900 እና 100 የነበረው 500 እና 500 ቢሆን ድርሻው ወደ 6 በመቶ ይወርድ ነበር። ቁጥሩ ፒ-ቫሉው በማያውቀው ነገር ላይ ይወሰናል ማለት ይህ ነው።

## ደረጃ 4፦ የክልሉን ዓረፍተ ነገር ስለ ዘዴው ጻፉ

ስለ ክልሉ የምትጽፉት ዓረፍተ ነገር ባለቤቱ «ዘዴው» ወይም «እንዲህ የሚሠሩ ክልሎች» ይሁን፦

*ይህ ጥናት ብዙ ጊዜ ቢደገምና በየጊዜው የ95% ክልል ቢሠራ፣ ከክልሎቹ 95 በመቶ ያህሉ እውነተኛውን ልዩነት ያቅፉ ነበር።*

95ቱ የሚቆጥረው ክልሎችን ነው። ከ0.06 እስከ 2.34 የሚለው አንድ ክልል ከታተመ በኋላ እውነተኛውን ልዩነት ወይ አቅፎታል ወይ ስቶታል፤ መካከል የለም። እኛ የቱ እንደሆነ አናውቅም፤ አለማወቃችን ግን ለክልሉ 95 በመቶ የሚባል ዕድል አይሰጠውም፣ ቢያንስ በዚህ የስታቲስቲክስ ዘይቤ።

ይህን ማመን የሚከብደው R ላይ ራሱ ይሞክረው። እውነተኛው ልዩነት 1.2 እንደሆነ እኛው እንወስናለን፣ 10000 ጥናት እናስመስላለን፣ ስንቱ ክልል 1.2ን እንዳቀፈ እንቆጥራለን፦

```r
yaze <- replicate(10000, {
  sasa  <- rnorm(30, 11.2, 2.0)
  wefer <- rnorm(30, 12.4, 2.4)
  ci <- t.test(wefer, sasa)$conf.int
  ci[1] <= 1.2 && 1.2 <= ci[2]
})
mean(yaze)
```

መልሱ 0.95 አካባቢ ይወጣል። በዚህ ሙከራ 1.2 አንድ ጊዜም አልተንቀሳቀሰም፤ የተንቀሳቀሱት `ci[1]` እና `ci[2]` ናቸው። የደረጃ 1 ሁለተኛ መስመር በዓይን ሲታይ ይህን ይመስላል። ኮዱ `could not find function` ካላችሁ አብዛኛውን ጊዜ የፊደል ስህተት ነው፤ `t.test` እና `rnorm` ከ R ጋር አብረው ስለሚመጡ ተጨማሪ ፓኬጅ አያስፈልግም።

## ደረጃ 5፦ አሁን አማራጮቹን ግለጡ

ከየአማራጩ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ *ዕድሉ የተነገረው ስለ ምን ነው?* ከቆመው መስመር ከሆነ ሰርዙ።

ሀ ዕድሉን የሚሰጠው ለ«ልዩነት የለም»፣ ማለትም ለቆመው ነው። ከደረጃ 3 ጋርም ይጋጫል። ሰርዙ።

ለ ከሁሉ በላይ የሚያማልለው ነው። ባለቤቱ «እውነተኛው ልዩነት»፤ እሱ ደግሞ ቆሟል። ሰርዙ።

ሐ ስለ አልጋዎች ይናገራል፤ ክልሉ ግን የአማካይ ልዩነት ክልል እንጂ የነጠላ አልጋዎች አይደለም። ለማረጋገጥ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን እዩ፦ በአንድ ቡድን ውስጥ እንኳ አልጋ ከአልጋ በ2 ቀን፣ በ4 ቀን ይለያያል። 2.28 ቀን ስፋት ባለው ክልል ውስጥ 95 በመቶ አልጋ ሊገባ አይችልም። የአልጋው ቁጥር ቢጨምር የአማካዩ ክልል ይጠባል፤ የአልጋዎቹ መለያየት ግን እንዳለ ይቀራል። ሰርዙ።

ሠ 1 − 0.04 = 0.96 ከሚል ቅነሳ የተሠራ ነው፣ መሠረት የለውም። እውነተኛው ልዩነት ልክ 1.2 ነው ብንል እንኳ፣ በ30 እና በ30 አልጋ የሚደገመው ጥናት ከ0.05 በታች የማምጣት ዕድሉ ከግማሽ ብዙም አይበልጥም። ሰርዙ።

መ ደረጃ 3 ላይ ከጻፋችሁት ጋር ቃል በቃል ሊገናኝ ጥቂት ቀርቶታል። መልሱ እሱ ነው። «ወይም ከዚያ የሰፋ» የሚለውንም ልብ በሉ፤ ፈታኙ አንዳንዴ ይህችን ሐረግ አውጥቶ «ልክ 1.2 ቀን የማግኘት ዕድል» ይላል፤ ያኔ መ ራሱ ይበላሻል።

## ደረጃ 6፦ ያው መረጃ በሌላ ልብስ ሲመጣ

ሁለት ልብሶች በብዛት ይመጣሉ። የመጀመሪያው ጎበዝ ተማሪንም ይጥላል።

የሁለቱ ክልሎች መደራረብ። ጥያቄው የልዩነቱን ክልል ሳይሰጥ የእያንዳንዱን ቡድን ክልል ለየብቻ ይሰጣል። በእኛ መረጃ፣ ሳሳ ያለው ስጥ ከ10.45 እስከ 11.95 ቀን፤ ወፈር ያለው ከ11.50 እስከ 13.30 ቀን። ከ11.50 እስከ 11.95 ድረስ ተደራርበዋል። አማራጩ «ክልሎቹ ስለተደራረቡ ልዩነቱ በ5 በመቶ ደረጃ ሲግኒፊካንት አይደለም» ይላል። ግን መረጃው ያው ነው፣ ፒ-ቫሉውም 0.04 ነው!

ምክንያቱ ቀላል ነው። የሁለቱን ክልሎች መደራረብ ስታዩ ሁለቱን ስታንዳርድ ኤረሮች እየደመራችሁ ነው፦ 0.37 + 0.44 = 0.81። የልዩነቱ ስታንዳርድ ኤረር ግን በየራሳቸው ስኩዌር ተደርገው፣ ተደምረው፣ ሩታቸው ተወስዶ 0.57 ነው። 0.81 ከ0.57 ስለሚበልጥ በዓይን የሚደረገው ፍተሻ ከሚገባው በላይ ጥብቅ ነው። ስለዚህ ለሁለት የተለያዩ ቡድኖች ይህን ያዙ፦ የ95% ክልሎቹ ካልተነካኩ ልዩነቱ ሲግኒፊካንት ነው ማለት ይቻላል፤ ከተደራረቡ ግን በዓይን ብቻ አትፍረዱ፣ ወደ ደረጃ 2 ተመልሳችሁ የልዩነቱን ክልል አስሉ። የአንዱ ቡድን አማካይ በሌላው ክልል ውስጥ ከገባ ግን (በእኛ 11.2ም ሆነ 12.4 አልገቡም) የቡድኖቹ ቁጥርና መለያየት እስከተቀራረበ ድረስ ልዩነቱ ሲግኒፊካንት አይሆንም። ቡድኖቹ በጣም የተበላለጡ ሲሆኑ ይህ ሁለተኛው አቋራጭ አይሠራም። በተጨማሪም ያው አልጋ በፊትና በኋላ ከተለካ፣ ማለትም መረጃው የተጣመረ ከሆነ፣ የሁለቱን ክልሎች መደራረብ ጨርሶ አትዩ።

ፒ-ቫሉው ሲተልቅ። ያው አማካይና ያው ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ይሰጣችኋል፤ አልጋው ግን በየቡድኑ 10 ብቻ ነው። ልዩነቱ አሁንም 1.2 ቀን፤ ክልሉ ግን ከ−0.88 እስከ 3.28፤ ፒ-ቫሉው 0.24። የሚያማልለው አማራጭ «አሰጣጡ በመድረቂያ ጊዜ ላይ ለውጥ እንደማያመጣ ተረጋግጧል» ይላል። ክልሉን እንደገና እዩት፦ ዜሮን አቅፏል፣ እርግጥ ነው፤ ግን 3 ቀንንም አቅፏል። ለማድረቂያ ጣቢያ 3 ቀን አልጋ ተይዞ መቆየት ቀላል ነገር አይደለም። መረጃው ልዩነት የለም ከሚለውም፣ ትልቅ ልዩነት አለ ከሚለውም ጋር አልተጣላም። ትክክለኛው አማራጭ «ናል ሃይፖተሲሱን ለመጣል በቂ ማስረጃ አልተገኘም» የሚለው ነው። «ተረጋግጧል»፣ «እኩል ናቸው»፣ «ናል ሃይፖተሲሱን ተቀብለናል» የሚሉትን ሰርዙ።

ወደ ሌላው ጫፍም ይሳታል። ፒ-ቫሉ 0.04 ሲሆን «ትልቅ ልዩነት አለ» የሚል አማራጭ ይመጣል። 0.06 ቀን ማለት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ክልላችን ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ቀን ከስምንት ሰዓት ድረስ ተዘርግቷል። ሲግኒፊካንት ነው፤ ትልቅ ነው ወይ ለሚለው ግን ይህ መረጃ አይፈርድም።

## ሁለት አማራጭ ሲቀራችሁ

በመጨረሻ የሚቀሩት አብዛኛውን ጊዜ «ዕድሉ 95 በመቶ ነው» የሚለውና «95% ኮንፊደንት ነን» የሚለው ናቸው። ሁለተኛውን ምረጡ። «ኮንፊደንት» የሚለው ቃል በዚህ ትምህርት የዘዴውን 95 በመቶ እንዲወክል የተስማሙበት አጠራር ነው፤ በተራ ቋንቋ ከ«ዕድል» ጋር አንድ ቢመስልም ፈታኞች ለያይተው ይጠቀሙበታል። እውነቱን ለመናገር ይህ አጠራር ራሱ ግራ አጋቢ ነው፣ ግን ፈተናው የሚሄድበት መንገድ ይኸው ነው።

ሦስተኛ ተፎካካሪ አንዳንዴ ይመጣል፦ «ጥናቱ ቢደገም 95 በመቶ የሚሆኑት አዲስ ናሙናዎች የአማካይ ልዩነታቸው በ0.06 እና በ2.34 መካከል ይወድቃል»። መደጋገምን ስለጠቀሰ ትክክል ይመስላል። ስህተቱ ያለው አዲሶቹን ናሙናዎች በዚህ በአንዱ ክልል ላይ መመዘኑ ላይ ነው፤ በየድግግሞሹ አዲስ ክልል መሠራት ነበረበት። አንድ የ95% ክልል የሚቀጥለውን ጥናት አማካይ የሚይዘው በአማካይ ሲታይ 83 በመቶ ያህል ጊዜ ነው፣ ምክንያቱም የመጀመሪያው ጥናትም ሁለተኛውም በየራሳቸው ከእውነተኛው ቁጥር ይርቃሉ።

አንድ ልዩ ሁኔታ አለ። ጥያቄው ውስጥ «ባዬዢያን»፣ «ፕራየር» ወይም «ክሬዲብል ኢንተርቫል» የሚል ቃል ካለ እስካሁን የሰረዛችሁት አማራጭ ለ ትክክለኛው ይሆናል። እዚያ ዘይቤ ውስጥ ስለ እውነተኛው ልዩነት ዕድል መናገር ይቻላል፣ ቀድሞ የታሰበው ነገር በስሌቱ ውስጥ ስለገባ። ቃሉ ከሌለ ግን ወደዚህ አትሂዱ።

## የመልስ ቁልፉ ራሱ ሲሳሳት

ይህ ይሆናል፣ በተለይ ከእጅ ወደ እጅ በሚዘዋወሩ የልምምድ ፋይሎች ላይ። ቁልፉ ሀን ወይም ለን ትክክል ብሎ ያስቀምጣል። መጀመሪያ የጥያቄውን ቃል በቃል አጻጻፍ ፈትሹ፤ «የተሳሳተው የቱ ነው?» የሚል ጥያቄ ብዙ ሰው ገልብጦ ያነባል። ቀጥሎ ከላይ ያሉትን የባዬዢያን ቃላት ፈልጉ። ሁለቱም ካልሆነ የተሳሳተው ቁልፉ ነው፤ በቁልፉ መሠረት ራሳችሁን አታርሙ።

ጉዳዩ የክፍል ፈተና ሆኖ ነጥብ ካስቀረባችሁ ለመምህሩ ወይም ለመምህርቷ ረጅም ክርክር ይዛችሁ አትሂዱ። ሁለት ነገር ብቻ አሳዩ። አንደኛ፣ የደረጃ 3ን የ1000 ሙከራ ቆጠራ፤ 36 በመቶ እና 6 በመቶ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አማራጭ ሀ አይቆምም። ሁለተኛ፣ የአሜሪካ ስታቲስቲክስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ስለ ፒ-ቫሉ ያወጣው መግለጫ ከስድስቱ መርሆች በአንዱ፣ ፒ-ቫሉ የተጠናው ሃይፖተሲስ እውነት የመሆኑን ዕድል እንደማይለካ በግልጽ ያስቀምጣል። ክርክሩ ስለ አማራጭ ለ ከሆነ መግለጫው አይጠቅማችሁም፤ የደረጃ 4ን ኮድ ላፕቶፕ ላይ ከፍታችሁ `ci` ን አሥር ጊዜ ያህል አሳትሙና የትኛው ቁጥር እንደሚንቀሳቀስ በጣት አሳዩ።